ጫማውን ልተወው ወይስ ወርክሾፑን ልዝጋው?

«የቆዳ ጫማና ቦርሳ የምንሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ፤ ፈቃዱ በግሌ ስም ነው። ሁለት ሠራተኞች ጫማ፣ አንዱ ቦርሳ ይሠራሉ። ለእያንዳንዳቸው በወር 9,000 ብር እከፍላለሁ። ኪራይ 25,000፣ መብራትና ልዩ ልዩ ወጪ 6,000 ነው። በወር 40 ጥንድ ጫማና 25 ቦርሳ እሸጣለሁ። የቆዳና የማቴሪያል ዋጋ ሲነሳ ከአንድ ጫማ 600፣ ከአንድ ቦርሳ 1,500 ብር ይተርፋል። በእጄ 110,000 ብር አለ። ሰሞኑን በ16,000 ብር ደሞዝ ሥራ አግኝቻለሁ። ጫማውን ልተው? ወይስ ጭራሽ ልዝጋው? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ወጪዎችሽን አንድ በአንድ ዘርዝረሽ የራስሽን ደሞዝ ግን ረስተሻል። ከሽያጩ 61,500 ይገባል፣ 58,000 ይወጣል። የሚተርፈው 3,500 ብር፣ ግብር ሳይነሳ፣ የአንድ ወር ድካምሽ ዋጋ ነው። ውጭ 16,000 የሚከፍልሽ ካለ ወርክሾፑ በየወሩ 12,500 ብር እያስከፈለሽ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫማው በወር 24,000 ያስገባል፣ የሁለቱ ሠራተኞች ደሞዝ 18,000 ነው። ስለዚህ 6,000 ብር ለኪራዩ ያዋጣል። ጫማውን አቁመሽ እዚያው ቤት ከቀጠልሽ ይህ 6,000 ይቀራል፣ ኪራዩ ግን ንቅንቅ አይልም። 3,500 ትርፍሽ ወደ 2,500 ኪሳራ ይገለበጣል። አንድ ምርት ሲቆም አብሮት የሚቆመውን ወጪ ብቻ ቁጠሪ።

ጫማውን መተው የሚያዋጣሽ ቤቱን ከቀየርሽ ነው። ለአንድ ቦርሳ ሠሪና ለአንድ ማሽን ያ ሁሉ ቦታ አያስፈልግም። ከሌላ ባለሙያ ጋር ተጋርተሽ በ15,000 ብር ብትገቢ ትርፍሽ 7,500 ይሆናል። ከ16,000ው ለመድረስ 8,500 ይቀርሻል፤ ይህ በወር ስድስት ቦርሳ መጨመር ነው። እንግዲህ ፈተናው ይኼ ነው፦ በሦስት ወር ውስጥ 25ቱ ቦርሳ 31 ይሆናል? ቀኑን አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፊና ለምታምኚው ሰው ስጪ። ቀኑ ሲደርስ «በዓል እየመጣ ነው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ እኔም ብዬዋለሁ። ቀጣሪው ሦስት ወር የማይጠብቅ ከሆነ ደግሞ እኔ ብሆን ደሞዙን እመርጥ ነበር።

የትኛውንም ብትመርጪ የመዝጊያውን ገንዘብ ዛሬ ለይተሽ አስቀምጪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ ያገኛል። ድርጅቱ በመዘጋቱ ደግሞ የ60 ቀን ደሞዝ ይታከልበታል። አራት ዓመት የሠራ ሰው ካለሽ 9,000፣ ለሦስቱ ተጨማሪ ዓመታት 9,000፣ ከዚያ 18,000፤ በድምሩ 36,000 ብር ነው። ሁለት ዓመት ለሠራው 30,000፣ አንድ ዓመት ለሠራው 27,000 ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 93,000። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድና ያልገባ የጡረታ መዋጮ ገና አልተቆጠረም። ያለሽ 110,000 ነው። ግማሽ ዓመት በኪሳራ ብትቆዪ ለዚህ ሁሉ ክፍያ ገንዘብ ሊያጥርሽ ይችላል። ፈቃዱም በግልሽ ስለሆነ ዕዳው ወደ ቤትሽ ይከተልሻል።

ጫማውን ብቻ ብታቆሚም ሁለቱን በዚሁ ሂሳብ ሸኚያቸው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪና በእነዚያ ወራት የተቆረጠውን ቆዳ ይጨርሱት። አዲስ ቆዳ አትግዢ። እኔ ከዓመታት በፊት የፎቶ ኮፒ ቤቴን ስዘጋ ለልጆቹ የነገርኳቸው በመጨረሻው አርብ ነው። ያስቀየምኩት በገንዘቡ አይደለም፣ ሙሉውን ከፍያለሁ። አንዷ ግን በዚያው ሳምንት የቤት ኪራይ ውል አድሳ ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ ስታየኝ ዞር ትላለች።

ቀብድ የከፈሉ ደንበኞች ካሉ ወይ ዕቃውን ሠርተሽ አስረክቢ ወይ ብሩን መልሺ። ያ ገንዘብ ያንቺ አይደለም፤ ከ110,000ው ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ቀንሺው። ዕቁብ በልተሽ ከሆነም ቀሪውን ጣይ።

ሙሉ በሙሉ ከዘጋሽ በሩን ቆልፎ መሄድ ብቻ አይበቃም። የመጨረሻውን ግብር አሳውቀሽ ክሊራንስ ውሰጂ፣ ከዚያ ንግድ ቢሮ ሄደሽ ፈቃዱን መልሺ። ይህን ያላደረገ ሰው መዝገብ ላይ ነጋዴ ሆኖ ይቆያል፣ ከዓመታት በኋላም ያልሠራበት ግብርና ቅጣት ይጠብቀዋል። ማሽኖቹን ይገዙ እንደሆነ መጀመሪያ ሠራተኞችሽን ጠይቂ። ጫማ ሠሪዎቹ ከሚገባቸው ክፍያ ጋር አቻችለው ሊገዙ ይችላሉ፤ ዋጋውን ግን ውጭ ሰው አስገምቺ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ አድርጊው።