ግንባሬ ላይ የወጣው ብጉር ነው ወይስ ፈንገስ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ፋርማሲስት ነኝ፣ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ የምናወራው ግንባር ላይ ስለሚወጡት ጥቃቅንና የሚያሳክኩ ነገሮች ነው። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ግንባሬ ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ሁሉም እኩል እኩል ናቸው። ላብ ሲለኝ ያሳክከኛል። ብጉር ነው ተብሎ ዶክሲሳይክሊን ታዘዘልኝ። አምስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ጭራሽ ባሰብኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጆሮዬን ያቆሙት "እኩል" እና "ያሳክከኛል" ያልሻቸው ናቸው። ተራ ብጉር መልኩ ብዙ ነው። አንዱ ጥቁር ነጥብ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ያበጠ ሆኖ እዚያው አንድ ፊት ላይ ታገኚዋለሽ። ሲነካ ያማል እንጂ ብዙ ጊዜ አያሳክክም። የፈንገሱ ግን በአንድ ወንፊት የተነፋ ነው የሚመስለው። አንድ ሁለት ሚሊሜትር የሚሆኑ፣ ጥቁር ነጥብ የሌላቸው። ግንባር ላይ፣ ፀጉር በሚጀምርበት መስመር፣ ደረትና ጀርባ ላይ ይወዳል።

አምጪው ማላሴዚያ የሚባል እርሾ ነው። ከውጭ የተጋባብሽ እንዳይመስልሽ፣ ሁላችንም ቆዳ ላይ አለ። ችግሩ ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲበዛ ነው። ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያውን ይቀንሳል፣ እርሾውን ግን አይነካውም። ጎረቤቱ ሲለቅለት እሱ ይስፋፋል። ቢሆንም "ባሰብኝ" ማለትሽ ብቻውን ማስረጃ አይሆነኝም፤ ዶክሲሳይክሊን ለእውነተኛ ብጉርም ቢሆን ሁለት ሦስት ወር ሊፈልግ ይችላል። ፎረፎር አለሽ? ፀጉርሽንስ ምን ትቀቢያለሽ?

ጠያቂዋ፦ ፎረፎርማ ከድሮም አለብኝ። የኮኮናት ዘይት በሳምንት ሁለቴ፣ ሹሩባ ስሠራ ደግሞ ቅቤ።

መልስ፦ እንግዲህ ጥርጣሬዬ ጨመረ። ፎረፎርም ከዚሁ እርሾ ጋር የተያያዘ ነው። ማላሴዚያ የሚፈልገውን ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከውጭ ይወስዳል። ላብራቶሪ ውስጥ ሲያሳድጉት እንኳ የወይራ ዘይት ያደርጉለታል። ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባር ሲወርድ ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቢው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ ከፋርማሲ እገዛለሁ። ማታ ግንባሬን አርጥቤ አረፋውን በስሱ እቀባና አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ። ሰዓት ይዤ ነው ታዲያ፣ ሰው "አምስት ደቂቃ" ብሎ ሠላሳ ሴኮንድ ነው የሚያቆየው። ዓይን እንዳይገባ ተጠንቅቄ በደንብ አጠባለሁ። በሳምንት ሁለቴ ደግሞ የራስ ቆዳዬንም በሱ እታጠባለሁ፣ ምንጩ እዚያ ነውና። ፊት ካደረቀ አንድ ቀን እየዘለልኩ። ማሳከኩ በሁለት ሳምንት ገደማ መርገብ አለበት። ከተሻለኝ በኋላ በሳምንት አንዴ እቀጥላለሁ፣ ምክንያቱም ተመላላሽ ነው። በአራት ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ ግምቴ ስህተት ነው ማለት ነው፣ ወይም በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋል። ያንን ሐኪም ነው የሚወስነው።

ሌላ ተሳታፊ፦ ልጨምር። ማንኛውም ቅባት ይመግበዋል፣ ቫዝሊንም ጭምር። እኔ ቤት ያለውን ሁሉ ሰብስቤ ጣልኩ፣ አሁን ፊቴ እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰነጣጥቋል።

መልስ፦ ግማሹን ልክ ነህ። ኮኮናት፣ ወይራ፣ ቅቤ፣ ሺአ በተርም፣ እነዚህ ይመቹታል። ቫዝሊን ግን ከነዳጅ የሚወጣ ስለሆነ ለማላሴዚያ ምግብ አይደለም። ወፍራም አድርጎ የተቀባ ቫዝሊን ላብ ያፍናል፣ በዚያ በኩል ቅሬታ ሊኖርህ ይችላል። ለተሰነጣጠቀው ፊትህ ግሊሰሪን ያለው ቀለል ያለ ጄል ወይም ስኳሌን ከሚባለው ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ስኳሌንን እርሾው አይበላውም።

ጥያቄ፦ እኔም ያው ችግር አለብኝ። ከፀጉር ቤት በመጣሁ በሁለተኛው ቀን አንገቴና አገጬ ስር ይወጣል፣ ያማል። ኬቶኮናዞሉን ልግዛ?

መልስ፦ ያው አይደለም ወንድሜ። ያንተ የምላጭ ነው። ፀጉርህ ጠምዛዛ ከሆነ ከሥሩ ሲላጭ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። በማሽን ትንሽ አስቀርተህ ተቆረጥ፣ ሻምፖው ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሻሽ አስሬ ነው የምውለው፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ጓደኛዬ የሰጠችኝ ክሬም ማሳከኩን በሁለት ቀን አጠፋልኝ። ስተወው ግን ተመልሶ ይወጣል፣ በዝቶ።

መልስ፦ ቲዩቡን አምጪና ስሙን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶልና ኬቶኮናዞል ለጆሮ ስለሚቀራረቡ ሰው ይምታታበታል፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሁለቱም አንድ ቲዩብ ውስጥ ተቀላቅለው የሚሸጡም አሉ። ስቴሮይዱ ማሳከኩን ያስተኛዋል እንጂ እርሾውን አይገድልም። ይልቁንም ያመቻችለታል። ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ሌላው ቀርቶ ራሱ እኩል እኩል የሆነ ሽፍታ ያወጣል። ስንት ጊዜ ተጠቀምሽው?

ጠያቂዋ፦ ክሎቤታሶል ይላል። አራት ወር ሊሆነው ነው። ፊትም ስለሚያቀላ ወድጄው ነበር።

መልስ፦ አራት ወር ብዙ ነው። ድንገት ሲቆም ፊት ደም መስሎ ሊቀላና ሊያቃጥል ስለሚችል ብቻሽን አትታገይው፣ እዚያው የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ቲዩቡንም ይዘሽ። እስከዚያው ሻሹን ስስ ጥጥ አድርጊው፣ ላብ ሲይዝም ቀይሪው።

ጥያቄ፦ ክሬሜ ውስጥ ግሊሰሪል ስቴሬት አለ። እርሾውን ይመግባል ብለው ኢንተርኔት ላይ ቀይ ምልክት ያደርጉበታል። ልጣለው?

መልስ፦ እነዚያ ዝርዝሮች በአብዛኛው ከላብራቶሪ ውጤት ተነስተው የተገመቱ ናቸው። ሳህን ላይ የሆነው ሁሉ ፊት ላይ ይሆናል ማለት አይደለም። ደግሞስ የራሳችን ቆዳ ወዝ እርሾው የሚወደውን ስብ በየቀኑ ያቀርብለት የለ? እኔ በሕክምናው አራት ሳምንት ብቻ ሳትቀቢው አስቀምጪው እላለሁ። ከዚያ መልሰሽ ሞክሪው።

ሌላ ተሳታፊ፦ አልስማማም። እኔ እዚያው ዝርዝር ላይ ያለው ፖሊሶርቤት የገባበት ነገር በቀባሁ በሦስተኛው ቀን ግንባሬ ይሞላል። ሦስቴ ሞክሬዋለሁ።

መልስ፦ ያንቺን ግንባር እኔ አላውቀውም፣ ሦስቴ ካየሽው ተዪው። ለሁሉም ሰው ሕግ አላደርገውም እንጂ።

ጥያቄ፦ ኬቶኮናዞሉን በትክክል፣ አምስት ደቂቃ እያቆየሁ፣ ሁለት ወር ተጠቀምኩ። ዜሮ። አያሳክከኝም፣ ቀለሙም የቆዳዬ ነው።

መልስ፦ ካላሳከከና ካልቀላ ፈንገስ መሆኑን እጠራጠራለሁ። በፀጉር ቅባት የተደፈነ ቀዳዳ ይመስላል፣ ይህ ደግሞ የብጉር ዘር ነው። ቅባቱን ከግንባር አርቂ። ማታ ማታ አዳፓሊን 0.1% የሚባለውን የብጉር መድኃኒት፣ የአተር ፍሬ የምታክል ለጠቅላላ ግንባር። መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን እየዘለልሽ። ውጤቱን ከሁለት ሦስት ወር በፊት አትጠብቂ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን አትጀምሪው። አንድ ሰው ላይ ሁለቱም አብረው ሊኖሩም ይችላሉ፣ ያኔ ነገሩ ይወሳሰባል።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ ዶክሲሳይክሊኑን ዛሬውኑ ላቁመው?

መልስ፦ ያዘዘልሽን ሐኪም ሳታናግሪ አይሆንም። ደውይለትና ያሳክከኛል፣ ሁሉም እኩል ነው፣ ፎረፎርም አለብኝ በዪው። ከግንባርሽ ላይ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ቢታይ እርሾው ይገኝ እንደሆነ ጠይቂው። ሻምፖውን ግን ከምርመራው በፊት አትጀምሪ፣ ውጤቱን ያበላሽብሻል።