አመታዊ ሪፖርት ከመታተሙ በፊት እኔ እንዴት እንደማየው

«ሰላም ለሁላችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። የዩኒየናችን አመታዊ ሪፖርት ረቂቅ 60 ገጽ ነው፣ ከመታተሙ በፊት ቁጥሩም ቃሉም ርእሱም እንዳይጋጭ አንቺ እይው ተብያለሁ፣ ከየት ልጀምር?»

እህቴ ከቁጥሩ ጀምሪ፣ ርእስና ፊደል በኋላ ይደርሳል። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ለአንድ ዩኒየን ለስድስት አመት ሪፖርት አርሜያለሁ፣ ዝም ብዬ ከገጽ 1 እያነበብኩ ስሄድ ግን ብዙ ስህተት አመለጠኝ፣ ምክንያቱም ገጽ 3 ላይ ያየሽውን ቁጥር ገጽ 41 ስትደርሺ ረስተሽዋል። ስለዚህ ኤክሴል ክፈቺና ቁጥሩን ብቻ ልቀሚ፣ የምን ቁጥር እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ መለኪያውንና ገጹን። መግቢያው ላይ ያለውን፣ ጽሁፉ ውስጥ ያለውን፣ ሰንጠረዡንም ግራፉንም ሳትተዪ። ከዛ በስም ሶርት ስታደርጊው አንዱ ነገር በሶስት ቦታ ሶስት ቁጥር ይዞ ጎን ለጎን ይቆምልሻል። ለ60 ገጽ ሙሉ ቀን ይፈጅብሻል፣ ቀኑን ስጪው።

ልዩነት ስታገኚ ግን ወዲያው አታስተካክዪ፣ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ፈልጊ። አንድ የገጠመኝን ልንገርሽ፣ ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ። የማዳበሪያ ስርጭት ዕቅድ 48,000 ኩንታል ይላል፣ ሰንጠረዡ ላይ የአራቱ ወረዳ ክንውን 14,200፣ 11,850፣ 9,640 እና 8,510 ነው፣ ደመርኩት 44,200፣ ልክ ነው። የስራ አስኪያጁ መልእክት ላይ ግን አፈጻጸሙ 94 በመቶ ተብሏል። 44,200ን ለ48,000 ስታካፍዪው 92 ነው የሚመጣው። አብሮኝ የሚሰራው ልጅ 94ቱን አጥፍተን 92 እንበል አለ፣ እኔ ቆይ አልኩትና ወደ ኋላ አሰላሁት፣ 44,200ን ለ0.94 ሳካፍል 47,000 አካባቢ መጣ። 47,000 ደግሞ ዕቅዱ በግማሽ አመት ሳይከለስ በፊት የነበረው ቁጥር ነው! መቶኛውን የሰራው ሰው አሮጌውን ዕቅድ ይዞ ነበር ማለት ነው፣ ሄደን ስናይ የምርጥ ዘሩንም የብድሩንም መቶኛ በዛው ፋይል ነው የሰራው። 94ቱን ዝም ብለን ቀይረን ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ እንደተሳሳቱ ይታተሙ ነበር። በነገራችን ላይ የአራቱን ወረዳ መቶኛ ደምሮ ለአራት ማካፈልም የጠቅላላውን አፈጻጸም አይሰጥም፣ የወረዳዎቹ ዕቅድ እኩል አይደለማ።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም ቁጥር ልክ ሆኖ ቃሉ ነው የሚያጋጨው። በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፣ ማዳበሪያ ግን ሐምሌም ይሰራጫል፣ እኛ ጋ ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነዋ። ስለዚህ አንዱ ምዕራፍ የበጀት ዓመቱን፣ ሌላው የምርት ዘመኑን ስርጭት ጽፎ ሁለቱም «የዘንድሮ» ካሉት አንባቢ አንዱ ውሸት ነው ይላል። በየቁጥሩ ስር የቱ እንደሆነ ይጻፍ። «አባል»፣ «አባወራ» እና «ተጠቃሚ»ም እንዲሁ ናቸው፣ አባል ያልሆነ ገበሬም ማዳበሪያ ይወስዳል፣ ስለዚህ እየቀያየሩ መጻፍ ቁጥሩን ያበላሻል።

ቃል ስትፈልጊ በ Ctrl+F «ማህበር» ብለሽ ብቻ አትተዪ፣ ለኮምፒውተሩ ማህበር፣ ማኅበር እና ማሕበር ሶስት የተለያየ ቃል ነው፣ ሶስቱንም ለየብቻ ፈልጊ። አንዱን መርጠሽ ስትተኪ ግን Replace All አትበዪ፣ በምዝገባ ሰርተፊኬት ላይ ያለ ስም እንዳለ መቆየት አለበት።

ግሱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዕቅዱ ላይ ኮፒ ስለሚያደርግ ነው። «ስልጠና ይሰጣል» የሚል አመታዊ ሪፖርት ውስጥ ካገኘሽ ተሰጥቷል ወይ ብለሽ ባለቤቱን ጠይቂ፣ ራስሽ «ተሰጥቷል» ብለሽ አትቀይሪው፣ ያልተሰራ ስራ ተሰራ ብለሽ ልታትሚ ትችያለሽ። «ይሰጣል»፣ «ይከናወናል»፣ «ይደረጋል» እያልሽ ፈልጊ፣ የቀጣይ አመት አቅጣጫ ላይ ያለው ብቻ ይቅር። «መጋዘኑ እየተሰራ ነው»ም አይበቃም፣ አንባቢው በጥር ሊያነበው ይችላል፣ እስከ ሰኔ 30 ምን ላይ እንደደረሰ ይባል።

ርእሱ ቀላል ነው። ዎርድ ላይ View ገብተሽ Navigation Pane ን ክፈቺ፣ በስታይል የተሰሩ ርእሶች በሙሉ በአንድ ረድፍ ይታዩሻል፣ አንዱ «የተከናወኑ ተግባራት» ሌላው «ተግባራትን ስለማከናወን» ካለ እዛው ይለያል። የጠፋ ርእስ ካለ በእጅ ደመቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው፣ Heading ስታይል ስጪው። ማውጫውን በ Ctrl+A ከዛ F9 የምታድሺው ሁሉም እርማት ካለቀ በኋላ ነው፣ ሰንጠረዥ የተቆረጠ ወይ የተጨመረ ከሆነ ግን ጽሁፉ ውስጥ በእጅ የተጻፈው «ሰንጠረዥ 4 ይመልከቱ» አብሮ አይታደስም፣ እሱን አንድ በአንድ በአይንሽ እይው።