የጥር ሒሳብ፦ ባልና ሚስት በዓመት አንዴ ምን ይፈትሹ?

«ሰላም ቤተሰብ። እኔና ባለቤቴ ጅማ ነን። የባንክ አክሲዮን፣ ትንሽ የጊዜ ገደብ ተቀማጭና ዕቁብ አለን። በዓመት አንዴ ቁጭ ብለን ምን ምን እንመልከት? የምትጠቀሙበት ዝርዝር ካላችሁ አካፍሉን።»

እኛም እዚሁ ጅማ ነን፤ ያለንም ከናንተ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ባለቤቴ ቡና ይነግዳል፣ እኔ ደሞዝተኛ ነኝ። ዝርዝሩን አንድ ደብተር ላይ አብረን ነው የጻፍነው። ስለ ቁጠባ ጥቅም ምናምን አልሰብካችሁም፣ በቀጥታ ወደ ነገሩ።

1. ጥር ላይ አድርጉት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ብዙ ሰው በእንቁጣጣሽ ይጀምራል፤ ግን መስከረም ላይ የሚቆጠር ነገር የለም። ባንኮቹ ሒሳባቸውን ሰኔ ላይ ቢዘጉም ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ቡናውም ቢሆን የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ጥር ላይ ሁሉም ገብቶ ቁጥሩ ቁጥር ይሆናል።

2. እያንዳንዱ ገንዘብ ለምን እንደሆነና መቼ እንደሚፈለግ ከጎኑ ጻፉ። ለምሳሌ «የቤቱ ጣሪያ፣ የሚመጣው ዓመት»፣ «የልጅቷ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ»። የኛ ደንብ ቀላል ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ብር አክሲዮን ውስጥ አይቀመጥም። የአክሲዮን ገበያው ተከፍቷል፣ ግን ሁሉም ድርጅት ገና ገበያው ላይ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበውን ለመሸጥ ገዢ ማግኘቱም ዝውውሩን ማስመዝገቡም ጊዜ ይወስዳል። ጣሪያ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ አይጠብቅም።

3. ድልድሉ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው በዓይነት ነው የሚደረድረው፤ አክሲዮን ይህን ያህል፣ ተቀማጭ ይህን ያህል፣ ዕቁብ ይህን ያህል እያለ። እንዲያ ስትጽፉት የተበታተነ ይመስላል። እኛ «ይሄ ብር በምን ላይ ነው የተንጠለጠለው?» ብለን በድጋሚ ደረደርነው። ያኔ የነበረን በሙሉ 1,500,000 ብር ነበር። 500,000 ንግዱ ውስጥ፣ ጀንፈልና መንቀሳቀሻ። 100,000 ጎማ ወረዳ ላሉ የቡና አቅራቢዎች በቅድሚያ የተሰጠ። 150,000 ያልወጣ ዕቁብ። 450,000 የባንክ አክሲዮን፣ 300,000 የጊዜ ገደብ ተቀማጭ። በዓይነት ሲታይ አምስት ቦታ ነው። ግን ዕቁቡ ውስጥ ያሉት በሙሉ የቡና ነጋዴዎች ናቸው! ንግዱ፣ ቅድሚያ ክፍያውና ዕቁቡ ሲደመር 750,000። ግማሹ ሀብታችን አንድ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ቡና ደግሞ አንድ ዓመት ብዙ ከሰጠ በቀጣዩ የሚቀንስ ተክል ነው። ምርት በሚያንስበት ዓመት ንግዱም ይቀዘቅዛል፣ አቅራቢውም ያዘገያል፣ የዕቁብ ጣይም ይጠፋል፤ ሁሉም በአንድ ወር።

ምን አደረግን? የያዝነውን አልሸጥንም። አዲስ የሚገባውን ብር ነው አቅጣጫ ያስቀየርነው። ዕቁቡ በመጨረሻው ዙር ሲደርሰን ወደ ንግዱ ሳይመለስ ተቀማጭ ሆነ። የቡናው ድርሻ ከግማሽ ወደ 40 በመቶ ወረደ። (ባለቤቴ ለሳምንት ያህል አኩርፎ ነበር፤ አሁን ግን ለጓደኞቹ የራሱ ሐሳብ አድርጎ ሲያወራ እሰማዋለሁ።) ዕቁብን ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። ሳይደርሳችሁ የከፈላችሁት ሀብት ነው፤ ቀድሞ ከደረሳችሁ ግን የቀረው ክፍያ ዕዳ ነው፣ በዕዳ በኩል ጻፉት። የባንካችሁንም ዓመታዊ ሪፖርት ገልጣችሁ ብድሩ ለየትኛው ዘርፍ እንደሄደ እዩ። አብዛኛው ለቡና ላኪ ከሆነ አክሲዮኑም ከዛፉ ብዙ አይርቅም።

4. ወጪ። «ባንካችን 16 በመቶ ሰጠ» ሲባል አትጨብጭቡ። 16 በመቶው የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ እንጂ እናንተ ባወጣችሁት አይደለም። እኛ የ1,000 ብር አክሲዮን 100 ስንገዛ ከዋጋው በላይ የተጠየቀው ተጨማሪና የአገልግሎት ክፍያው ተደምሮ 130,000 ብር ነው ያወጣነው። የትርፍ ድርሻው 16,000። በጊዜው የነበረው 10 በመቶ ግብር ሲቀነስ 14,400። ይህን ለ130,000 አካፍሉት፤ 11 በመቶ ገደማ ነው። በየዓመቱ ከተቀማጩ ወለድ ጋር የምናወዳድረው ይሄንን ነው። በዓመቱ መሐል የተከፈለ አክሲዮን ደግሞ የመጀመሪያው ድርሻ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው የሚሰላው። አነሰ ብላችሁ ባንኩ ደጅ እንዳትሟገቱ።

5. የቤተሰብ ለውጥ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን እኛ ጋ ገባ፣ ለማን ዋስ ሆንን። የመጨረሻውን ማንም አይጽፈውም። ለወንድም ብድር የፈረማችሁት ዋስትና ብሩ ከእጃችሁ ባይወጣም የናንተ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው ስንት እንደሆነ በየዓመቱ ጥር ላይ ጠይቁ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ነገር በማን ስም እንደተመዘገበ። በትዳር ውስጥ ተገዝቶ የጋራ ቢሆንም እንኳ ባንኩ የሚያውቀው መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው። የቴሌን አክሲዮን በ2017 ስንገዛ ሆን ብለን ለየብቻ ገዛን፤ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፣ በየራሳችን ቴሌብር።

ይሄን ጥንቃቄ ያስተማረን አንድ ባንክ ነው፣ ስሙን አልጠራም። አክሲዮኑ በባለቤቴ ስም ነው። እሱ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ላይ እያለ ብር አስፈለገንና የትርፍ ድርሻውን ልቀበል ሄድኩ። የጅማው ቅርንጫፍ «አክሲዮን ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» አለኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ሳሳያት መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ «ባለቤትዎ ራሳቸው ይምጡ።» ሆስፒታል ተኝቷል አልኳት። «እንግዲያው ሲሻላቸው።» ውክልና ነበረኝ፣ ሰጠኋት። ቤትና መኪና እንጂ አክሲዮን አይልም ብላ መለሰችልኝ። በዚያ ላይ የሁለት ዓመት ድርሻ ሳይከፈል ተቀምጧል፤ መዝገቡ ላይ የሒሳብ ቁጥር የለም፣ ስልኩም ድሮ የተውነው ቁጥር ነው። «ደውለን ነበር» ይላሉ! ባለቤቴ ተኝቶ አዲስ ውክልና ፈረመ፤ ውልና ማስረጃ ሠራተኛ ሆስፒታል ድረስ ልኮ። በመጨረሻ ብሩን አስወጣሁት፣ አንዲት ሳንቲም ሳትቀር።

ስለዚህ ውክልና ከማስጻፋችሁ በፊት የባንኩን አክሲዮን ክፍል የትኛውን ቃል እንደሚቀበል ጠይቁ። እኛ ያጻፍነው «የትርፍ ድርሻ መቀበል፣ በጉባኤ ድምፅ መስጠት፣ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ» ይላል፣ የባንኩም ስም አለበት። ስልክና የሒሳብ ቁጥር የምትቀይሩበትን ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተምና ቀን ሳያደርጉላችሁ ከመስኮቱ እንዳትነሡ።