ለልብስ ሱቅ የዕቃ ኮድ አወጣጥ

«ፒያሳ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቻለሁ። ዕቃዬን በኤክሴል ልመዘግብ ነው። ኮዱን እንዴት ላውጣ? ምን ምን አምድ ያስፈልገኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ወስኚ። አንድ መስመር የሚይዘው አንድ ሞዴል፣ አንድ ቀለምና አንድ ቁጥር ብቻ ይሁን። «ጥቁር ጂንስ 9 ፍሬ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ደንበኛ 32 ቁጥር ሲጠይቅሽ መደርደሪያውን መበርበርሽ አይቀርም።

ኮዱ JN014-BK-32 ዓይነት ይሁን። ጂንስ፣ 14ኛ ሞዴል፣ ጥቁር፣ 32 ቁጥር ማለት ነው። ዋጋ ኮዱ ውስጥ አታስገቢ። ዋጋ ነገ ይጨምራል፤ ልብሱ ላይ የለጠፍሽው ኮድ ግን እንዳለ ይቆያል።

እኔ ለማሮን ሹራብ MAR-12 የሚል ኮድ ሰጥቼ ኤክሴል ወደ ቀን ቀየረብኝ። 014 ብቻ ብትጽፊም ዜሮውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሳትጽፊ በፊት የኮዱን አምድ Text አድርጊው።

አምዶቹ ከ A እስከ G በቅደም ተከተል፦ ኮድ፣ ዓይነት፣ ቀለም፣ ቁጥር፣ መሸጫ ዋጋ፣ መነሻ ቆጠራ፣ ቀሪ። ቀሪውን በእጅሽ አትንኪው። Log የሚባል ሌላ ገጽ ክፈቺና ቀን፣ ኮድ፣ ብዛት መዝግቢ። የገባ 6 ከሆነ 6፣ የተሸጠ 1 ከሆነ -1። ከዚያ G2 ላይ፦

```
=F2+SUMIF(Log!B:B,A2,Log!C:C)
```

ጂንሱ መነሻው 3 ሆኖ 6 ገብቶ 2 ከተሸጠ፣ 7 ያሳይሻል። ቀሪው ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ወይ ሽያጭ ሁለቴ ተመዝግቧል ወይ የገባ ዕቃ ተረስቷል።

ቀለሙን ደግሞ በ Data Validation ዝርዝር እየመረጥሽ ሙዪ። «ሰማያዊ» እና «ሠማያዊ» ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው።