4 ልክ ነው፤ ግን በምን አወቅክ?

*የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። √(x + 12) = x የሚል ጥያቄ ሰጥቼ አንድ ተማሪ “x = 4” ብቻ ብሎ ጻፈ። “አሠራር የለም” ብዬ በቀይ ጽፌ ግማሽ ማርክ ቀነስኩ። ልጁ አኩርፏል። ምን ልጽፍለት ይገባ ነበር?*

ማኩረፉ አይገርምም። “አሠራር የለም” የሚለው ቃል ምን እንደጎደለ አይነግረውም። እሱ የሚያየው ልክ የሆነ መልስና የተቀነሰ ማርክ ነው።

እዚህ ጥያቄ ላይ የጎደለው ነገር ግን አንድና ግልጽ ነው። ሁለቱን ጎን ስኩዌር ስናደርግ x² − x − 12 = 0 ይመጣል። ከዚያ 4 እና −3 ይወጣሉ። −3ን መልሰን ስንተካው በግራ 3፣ በቀኝ −3 ይሆናል፤ ስለዚህ ይወድቃል። የጥያቄው ሆድ ያለው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ይህን አይቶ ጥሎት ይሁን ወይስ 4ን በግምት አግኝቶት፣ ወረቀቱ አይናገርም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ “4 ልክ ነው። ከ4 ሌላ መልስ እንደሌለ በምን አወቅክ? እዚሁ ሥር በሁለት መስመር ጻፍልኝ።” −3ን አልጠራሁም። ከጠራሁት እኔው ሠራሁለት ማለት ነው።

መልሱ ሲመጣ በጥንቃቄ ያንብቡት። “4ን ተክቼ አየሁት፣ ሠራ” ካለ፣ 4 መልስ መሆኑን አሳይቷል፤ ብቸኛ መልስ መሆኑን ግን አላሳየም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ “−3 ኔጋቲቭ ስለሆነ ጣልኩት” የሚለው ነው። እዚህ ጥያቄ ላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም በቀኝ በኩል ያለው ራሱ x ነው፤ √ ደግሞ ኔጋቲቭ አይሰጥም። ልጁ ይህን አስቦ ነው ወይስ “ኔጋቲቭ ሁልጊዜ ይጣላል” ብሎ? ለመለየት √(7 − x) = x + 5 ይስጡት። −2 እና −9 ይወጣሉ። −2 ሲተካ 3 = 3 ስለሚሆን ልክ ነው፤ −9 ግን 4 = −4 ይሆናል። ሁለቱንም ከጣላቸው ችግሩ ተገኘ።

ማርኩን በተመለከተ፣ ወረቀቱ ላይ አሠራር ይታረማል ተብሎ ካልተጻፈ ባይቀንሱ ይሻላል። በሚቀጥለው ፈተና “መልስ 1፣ አሠራር 3” ብለው ከጥያቄው ጎን ይጻፉ። ልጆቹ በምርጫ ጥያቄ ያደጉ ናቸው፤ ፊደል ማክበብ የለመደ እጅ ሳይነገረው መንገድ አይጽፍም።

*የልጄ መምህር ሁልጊዜ “አሠራርህን አሳይ” ይሉታል። እሱ ግን በጭንቅላቱ ይሠራዋል። ማስገደዱ ምን ይጠቅማል?*

እንደ ጥያቄው ነው። 2x + 5 = 17ን በጭንቅላቱ ከሠራ እኔም አላስገድደውም፤ 6ን መልሶ መተካት ይበቃል። ከላይ ያለው ዓይነት ጥያቄ ሲሆን ግን፣ በጭንቅላት የሚሠራ ልጅ መጀመሪያ ባገኘው መልስ ላይ ይቆማል። ቤት ውስጥ ደረጃዎቹን ሁሉ እንዲጽፍ አይጨቅጭቁት። “ሌላ መልስ ቢኖርስ?” ብለው ብቻ ይጠይቁት። እርስዎ ሒሳብ ባይችሉም ዝም ማለቱን ያያሉ።

*ክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪ አለ። ለእያንዳንዱ ይህን ሁሉ መጻፍ እንዴት ይቻላል?*

አይቻልም፤ አይሞክሩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጡ። ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ይለዩ፦ መልስ ብቻ የጻፉ፣ ሁለት መልስ አግኝተው ያላጣሩ፣ አጣርተው የጣሉ። ወረቀቱ ላይ ሀ፣ ለ ወይም ሐ ብቻ ይጻፉ። ለየፊደሉ አንድ አንድ አስተያየት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፉና አሥር ደቂቃ ይስጧቸው። እኔ ይህን የማደርገው ማርኩን ሳልናገር ነው። ሩት በትለር በ1988 ባሳተመችው ጥናት፣ በእስራኤል የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ እንዳየችው፣ አስተያየት ብቻ ያገኙት ሲሻሻሉ፣ ማርክና አስተያየት አብሮ የተሰጣቸው ግን ማርክ ብቻ ካገኙት ብዙም አልተለዩም። ማርኩ ሲታይ አስተያየቱን ማን ያነበዋል?

*መልሱ ሁሉ ልክ፣ አሠራር ምንም የለም። ኮርጆ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ልጻፍበት?*

አይጻፉ። ካልኮረጀ ያቺ ቃል ዓመቱን ሙሉ አትለቀውም። ከክፍል ሲወጡ ጠራ ያድርጉትና 12ን በ20 ቀይረው √(x + 20) = x ይጠይቁት። 5 እና −4 ይወጣሉ። −4ን ምን እንደሚያደርገው ይመልከቱ።