እጁን አላነሳብኝም፣ ግን የባጃጅ ሂሳብ ቆጥሮ ይሰጠኛል

«ጤና ይስጥልኝ ጠበቃ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት እሠራለሁ። ባሌ መትቶኝ አያውቅም። ግን የባንክ ካርዴም የሚስጥር ቁጥሩም እሱ ዘንድ ነው። ጠዋት የባጃጅ ሂሳብ ቆጥሮ ይሰጠኛል፣ ማታ መልሱን ይቀበላል። በእረፍት ሰዓት በቪዲዮ ደውሎ ‹ያለሽበትን አሳዪኝ› ይላል። ደሴ ያለችውን እናቴን ካየሁ ዓመት አለፈኝ። ሽማግሌዎች ሁለቴ ገብተው ‹እጁን ካላነሳብሽ ቻዪው› አሉኝ። አሁን ደግሞ አብረን ለሠራነው ቤት ውክልና ፈርሚ ብሎ ይዞኛል። ይህ በሕግ በደል ነው? ጥዬ ብወጣ ቤቱንና ሁለቱን ልጆቼን አጣለሁ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ውክልናውን አትፈርሚ። በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ቤት ካርታው በማንም ስም ይሁን የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ለመሸጥ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ባልሽ ፊርማሽን የፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል። ወረቀቱን ካሳየሽ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚሉ ቃላት መኖራቸውን እይ። ካሉ፣ ቤቱ አንቺ ሳትሰሚ ሊሄድ ይችላል።

ፊት ለፊት ተጋፍጠሽ እምቢ በይ እያልኩሽ አይደለም። «ከፋብሪካ ፈቃድ አልሰጡኝም» ብሎ ቀኑን ማስተላለፍም ያዋጣል። ይዞሽ ከሄደ ደግሞ ውክልናውን ለሚያረጋግጠው ሠራተኛ ፈቅደሽ እንዳልመጣሽ ንገሪው። ያለፈቃድሽ ሊያረጋግጠው አይገባም። ፈርመሽ ከሆነም ውክልናን ወካዩ መሻር ይችላል። ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄደሽ መሻሪያውን ታስመዘግቢያለሽ፣ ባልሽም በጽሑፍ እንዲያውቀው ይደረጋል። ቤቱ ለሌላ ሰው ከተላለፈ በኋላ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ሽያጩ ይፍረስልኝ የሚባልበትም የጊዜ ገደብ አለው። ስለዚህ ቀን መቁጠር አይደለም፣ ሰዓት ቁጠሪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ባልና ሚስት በገንዘብ ይጣላሉ። ጠባብ ደመወዝ ያለበት ቤት ውስጥ ወጪ መቁጠርም ያለ ነው። እኔ ደንበኞቼን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እሱስ የራሱን ገቢና ወጪ ያሳይሻል? ቁጥጥሩ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ቁጠባ አይባልም። ሁለተኛ፣ «አይሆንም» ስትዪ ምን ይከተላል? ኩርፊያ ከሆነ ሰዎች ናችሁ። በማግስቱ የባጃጁ ሂሳብ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም ልጆቹ ፊት «እብድ» የምትባዪ ከሆነ ግን ቅጣት ነው። አንዲት ደንበኛዬ መልሱን ይዛ ስትገባ አሥር ብር ጎድሎ ከተገኘ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲሙን ዘርግቶ እራት ሳይበላ ያስቆጥራት ነበር። ጥፊ የሚባል አልቀመሰችም። እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በአገራችን «ሚስቱን የተቆጣጠረ ይቀጣል» የሚል ራሱን የቻለ አንቀጽ የለም። ያለው ቁርጥራጭ ነው፣ ቁርጥራጩ ግን ይሠራል። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጥቃትን ሲያነሳ አካልን ብቻ አላለም። የአእምሮ ጤንነትንም ጨምሯል። «እጁን ካላነሳ» የሚለው የሽማግሌዎች መለኪያ ሕጉ ውስጥ የለም ማለት ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። እንቅልፍ ከከዳሽ፣ ልብሽ የሚመታ ከሆነ፣ ሐኪም ፊት ቀርበሽ ምክንያቱን ተናገሪና ካርድሽ ላይ ይጻፍ። ያንን ወረቀት ያህል የሚረዳኝ ምስክር ጥቂት ነው። እገድልሻለሁ፣ ልጆቹን አታዪያቸውም ብሎ የሚያስደነግጥሽ ከሆነም ዛቻ በአንቀጽ 580 ለብቻው ያስጠይቃል፣ አቤቱታ ግን ካንቺ መምጣት አለበት።

ደመወዙን በሚመለከት ደግሞ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ገቢ ራሳቸው ይቀበላሉ። በግልም በጋራም ሂሳብ ማስቀመጥ ይችላሉ። አንዱ ሌላውን «ገቢህን አሳየኝ» ማለት ይችላል። ስለዚህ ባልሽ መጠየቅ መብቱ ነው፣ ካርድሽን መያዝ ግን አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረትም ደመወዝ የሚከፈለው ለሠራተኛው ወይም ሠራተኛው ለወከለው ሰው ነው። አዲስ ሂሳብ ከፍተሽ ለፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል ቁጥሩን መስጠት ትችያለሽ።

ግን ዛሬ አታድርጊው። የደመወዝ ቀን ብሩ አልገባም ሲል ያውቃል። ብዙ ሴቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። መብታቸውን አውቀው በመጀመሪያው ቀን ይናገራሉ፣ ግን ገና ከሰውየው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ሴት ልትሄድ ስትል ያልመታም ሊመታ ይችላል።

ስለዚህ ቀድመሽ ወረቀት አሽሺ። የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የቤቱ ካርታ፣ የግንባታ ደረሰኝ። ዋናውን መያዝ ከከበደሽ ኮፒ አድርገሽ ቤት ለማይመጣ ሰው ስጪ። የጋብቻ ወረቀት ከሌላችሁም አትስጊ፣ በኒካህም ይሁን በባህል ተጋብታችሁ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁ በምስክር ይረጋገጣል። በሥራ ቦታ ትንሽ ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ ያለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደሰማ ጻፊ። ስልክሽ ላይ ግን ምንም አታስቀምጪ። ለእኔም ሆነ ለእናትሽ በባልደረባ ስልክ ደውዪ።

ሽማግሌዎቹን አልንቅም፣ እኔም ወሎዬ ነኝ። ግን ሁለት ጊዜ ገብተው ቻዪው ካሉሽ ሦስተኛው ሽምግልና ዕቅድሽን ለእሱ ማሳወቂያ ይሆናል። ባልሽ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ካለ ደግሞ፣ እዚያ ለመዳኘት የሁለታችሁም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እወቂ። መፍቀድ መብትሽ ነው፣ አለመፍቀድም እንዲሁ። መጥሪያ ከደረሰሽ ግን ዝም አትበዪ፣ ቀርበሽ መልስሽን ተናገሪ።

ጥዬ ብወጣ አጣለሁ ወይ ላልሽው፣ ከቤት መውጣት ድርሻን አያሳጣም። ልጆችም የሚሰጡት በነሱ ጥቅም እንጂ ቤቱ ውስጥ ማን ቀረ ተብሎ አይደለም። ቢቻል ግን ልጆቹን ይዘሽ ውጪ። ፍቺ ለመጠየቅ ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ዳኛው ለማስታረቅ ይሞክራል፣ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። በዚህ መሃል እንዳትጎጂ አቤቱታሽ ላይ ሦስት ነገር ጨምሪ፦ የልጆቹ ጥበቃ ለጊዜው ለኔ ይሁን፣ ቀለብ ይቆረጥልኝ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ ይሰጥልኝ። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለሽ በደሃ ደንብ መክሰስ ትችያለሽ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍም አለ።

ክሱ የሚከፈተው እሱ በሚኖርበት በኮምቦልቻ ነው፣ አንቺ ግን ደሴ እናትሽ ጋ መኖር ትችያለሽ፣ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጥሪያው እጁ ሲገባ አንቺም ልጆቹም ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንዳትገኙ። ስለዚህ ቀኑን አስቀድመን እንወስን። ጠዋት ወደ ሥራ እንደምትሄጂ ሆነሽ ከልጆቹ ጋር ደሴ ትገቢያለሽ፣ ያን ቀን የደመወዝ ሂሳቡን ትቀይሪያለሽ፣ አቤቱታው ከዚያ በኋላ ይገባል።