ከድረ ገጹ በፊት ወረቀቱ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የደረሱኝ መልእክቶች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ድረ ገጽ ሠሪው “የገጾቹን ዝርዝር አምጡ” ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግራ ይገባዋል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ የሌሎቹ መሠረት እሱ ስለሆነ ነው።

“ጋሼ፣ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ አለኝ። እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ አመላልሳለሁ። ሠሪው ልጅ ‘የገጾች ዝርዝር ይስጡኝ’ ሲለኝ 13 ጻፍኩለት፦ መነሻ፣ ስለ እኛ፣ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ የሥራ አስኪያጅ መልእክት፣ አገልግሎቶች፣ ጋለሪ፣ ቪዲዮ፣ ዜና፣ ምስክርነት፣ ተደጋጋሚ ጥያቄዎች፣ አግኙን። በዛ እንዴ?”

ብዛቱ እንኳ ባልከፋ። ከ13ቱ አንዱም “ዘጌ” አይልም። አንዱም “ዋጋ” አይልም። ይህ ዝርዝር የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ይመስላል። ጀልባ ሊከራይ የመጣ ሰው የጀልባዋን ራዕይ ጠይቆዎት ያውቃል?

በስልክ እንደተነጋገርነው የመጨረሻዎቹን 40 የቴሌግራም መልእክቶች እያንዳንዳቸውን በቁራጭ ወረቀት ስለገለበጡልኝ አመሰግናለሁ። ሌሎችም እንዲጠቀሙበት የሠራነውን እዚህ ላውራው።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሲከምሩ ትልቁ ክምር “ዘጌ ደርሶ መልስ ስንት ነው? ስንት ሰው ትጭናለህ?” የሚለው ሆነ። ቀጥሎ “ስንት ሰዓት ይፈጃል? የት እንገናኝ?” መጣ። ሦስተኛው እርስዎ ራስዎ ያልጠበቁት ነበር፦ “ባለቤቴ ገዳሙ ትገባለች?” የሚለው። ትንሿ ክምር የምእመናን ናት፤ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ዑራ የሚሄድ ቡድን ጀልባ ይፈልጋል። ጋለሪና ዜና የጠየቀ የለም። “ሰውየው ይታመናል?” ዓይነት ጥያቄ ግን ሁለት ሦስት አለ፤ ስለዚህ “ስለ እኛ” ይቆያል። ራዕዩ ይቀርና የጀልባዋ ፎቶ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱ፣ በሥራው ስንት ዓመት እንደቆዩ ይጻፍበት።

ከክምሮቹ የወጡት ገጾች እነዚህ ናቸው፦

```
መነሻ
ጉዞዎችና ዋጋ
   ዘጌ
   ክብራንና እንጦስ
   የዓባይ መውጫ
   የንግሥ በዓል ጉዞ
ስለ እኛ
አግኙን
```

ስምንት ገጽ ነው። ማውጫው ላይ፣ ማለትም ከገጹ አናት በሚነካው ዝርዝር ላይ፣ የሚታዩት ግን ሦስት ብቻ ናቸው፦ ጉዞዎችና ዋጋ፣ ስለ እኛ፣ አግኙን። ወደ መነሻ የሚመልሰው ላይኛው ጥግ ያለው አርማ ነው።

ሦስት ነገር ላስረዳ። መጀመሪያ ዋጋው። በየጉዞው ገጽ ላይ ዋጋ ቢጻፍ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር አራት ቦታ መቀየር ሊኖርብዎት ነው፤ አንዱን ይረሱታል። ያኔ እንግዳው “ገጹ ላይ ያለው ሌላ ነው” ብሎ ወደቡ ላይ ይከራከርዎታል። ዋጋ በአንድ ሰንጠረዥ፣ በአንድ ገጽ ብቻ ይቀመጥ፤ ሌሎቹ ገጾች ወደዚያ ይምሩ። ገዳማቱ ለብቻ የሚያስከፍሉት የመግቢያ ሒሳብ በጀልባው ኪራይ ውስጥ እንደሌለም እዚያው ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ “ተደጋጋሚ ጥያቄዎች” የተባለው ገጽ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ግን ይገባበታል። ይህን ማወቅ ያለበት ሰው “ክብራንና እንጦስ” የሚለውን ገጽ እያነበበ ያለው ሰው ነው። መልሱን ሌላ ገጽ ውስጥ ከቀበሩት ጥንዶቹ ደሴቱ ጫፍ ደርሰው ነው የሚሰሙት። ለገጾቹ ሁሉ የሚሆን መመዘኛ ይኸው ነው፦ መልሱ ጥያቄው በሚነሳበት ቦታ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ “ጉዞዎችና ዋጋ” ራሱን የቻለ ገጽ ይሁን እንጂ ሲነኩት ዝርዝር ብቻ የሚዘረግፍ ቁልፍ አይሁን። ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ለአንድ እንግዳ ማረፊያ ማውጫ ውስጥ ማውጫ፣ እሱም ውስጥ ሌላ ማውጫ ሠራሁ። ኮምፒውተር ላይ ቀስቱን ሲያስጠጉት እየተከፈተ ያምር ነበር። ስልክ ላይ ግን የሚያስጠጉት ቀስት የለም። የክፍሎቹ ዋጋ ሦስተኛው እርከን ላይ ነበርና ሰው አላገኘውም፤ ባለቤቷ “ሁሉም ደውሎ ዋጋ ነው የሚጠይቀኝ፣ ታዲያ ምን ጠቀመኝ?” ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ለሠሪው ከማስረከብዎ በፊት በየገጹ ስም ሥር ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ ጽሑፉን ማን ይጽፋል? ፎቶው በእጅ አለ? የዓባይ መውጫው ፎቶ እስካሁን ከሌለ ያ ገጽ ይቆይ። “በቅርቡ ይጠብቁን” የሚል ገጽ ከሌለ ገጽ ይብሳል።

“እኔ ትንሽ እንግዳ ማረፊያ አለኝ። ማውጫዬ ላይ ከሌላው ለየት ብዬ ‘ድባባችን’፣ ‘ቆይታ’፣ ‘ማዕድ’ ልበል ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ‘አይገባም’ አለችኝ። ታናሽ እህትህ ነኝ፣ እውነቱን ንገረኝ።”

ጓደኛሽ ልክ ናት። “ቆይታ” ሲባል አንዱ ክፍል ይመስለዋል፣ ሌላው ስንት ሌሊት ማደር እንደሚቻል፣ ሌላው ቃለ መጠይቅ። ሰው ስልክ ደውሎ ምን ይልሻል? “አልጋ አለ?” ነው የሚለው። እኔ ብሆን “አልጋና ዋጋ” ብዬ እጽፈው ነበር። ትንሽ ገጠር ገጠር ይላል ካልሽ “ክፍሎችና ዋጋ” በይው፤ እሱም ይገባል። “ማዕድ” ደግሞ “ምግብ” ይባል። ቅኔውን ክፍሎቹን ለመሰየም አቆዪው፤ አንዱን ክፍል “ታንኳ” ብትይው ማንም አይጠፋበትም።

የቃሉንም ርዝመት እዪው። “የመኝታ ክፍሎቻችን ዝርዝርና ዋጋ” ስልክ ላይ ለሁለት ይሰበራል። አንድ ወይም ሁለት ቃል ይበቃል።

“ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት አለኝ። እውነት ስንት ገጽ ያስፈልገኛል?”

አንድ። ከላይ ወደ ታች፦ ምን ምን አለ ከነዋጋው፣ የት ነው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ስልክ። የምግብ ዝርዝሩን ግን በፎቶ አንስተህ አትለጥፈው፤ ስልክ ላይ ፊደሉ ይደቅቃል፣ በፍለጋም አይገኝም። (በነገራችን ላይ “ሜኑ” ሲባል አንተ የምግቡን፣ ሠሪው የድረ ገጹን እያሰባችሁ ግማሽ ቀን ልትከራከሩ ትችላላችሁ። እኔ የድረ ገጹን “ማውጫ” የምለው ለዚህ ነው።) ሁለተኛ ገጽ የሚያስፈልግህ የሠርግ መልስ ወይም የልደት ዝግጅት መቀበል ስትጀምር ነው። ያ ደንበኛ ሌላ ሰው ነው፤ የሚጠይቀውም ስለ ቦታው ስፋትና ስለ ቀብድ እንጂ ስለ ዓሣ ጉላሽ አይደለም።

“የዘጌ ቡና ለውጭ ሰውም ለአገር ሰውም እሸጣለሁ። አማርኛና እንግሊዝኛ እፈልጋለሁ። አንድ ገጽ ላይ ከላይ አማርኛ ከታች እንግሊዝኛ ባደርገውስ?”

ሁለቱም አንባቢ ግማሹን ገጽ እየዘለለ ሊያነብ ነው። ለየብቻ ይሁኑ፤ አድራሻቸውም ከአሁኑ ይወሰን፦

```
/am/buna
/en/coffee
```

የአማርኛውንም አድራሻ በላቲን ፊደል የጻፍኩት አማርኛ ጠልቼ አይደለም። በግዕዝ ፊደል ያለ አድራሻ ይሠራል፤ ግን ተገልብጦ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። “ዘጌ” የሚለው ሁለት ፊደል እንዲህ ይሆናል፦

```
%E1%8B%98%E1%8C%8C
```

ይህን በቴሌግራም የደረሰው ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አይነካውም።

የቋንቋ መቀየሪያው እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይኑር፤ ሲነኩትም ወደ ዚያው ገጽ ትርጉም ይውሰድ እንጂ ወደ መነሻ አይመልስ። ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ገጾች ሊኖሯቸው ግድ አይደለም። ወደ ውጭ ስለመላክ የሚያወራው ገጽህ ለእንግሊዝኛው ይበቃል። ከላይ ያሉት ባለ ጀልባም የንግሥ በዓሉን ገጽ በአማርኛ ብቻ ቢያደርጉት አይጎድልባቸውም።

ስትተረጉም ሰዓቱን አደራ። “ጠዋት 2 ሰዓት እንከፍታለን” በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ 8 ሰዓት ተብሎ ካልተጻፈ ፈረንጁ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

“ወረቀት ላይ ጨርሻለሁ። ለሠሪው ከመክፈሌ በፊት ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?”

የማውጫውን ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አምስት ሰው ጠይቂ። ቤተሰብ አይሁን፤ ሥራሽን ያውቁታል። “ያምራል ወይ?” ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም “ያምራል” ነው የሚልሽ። ሥራ ስጫቸው፤ የባለ ጀልባውን ማውጫ ለምሳሌ ብንወስድ፦ “ቅዳሜ ዘጠኝ ሰው ሆናችሁ ሐይቁን ልትሻገሩ ነው፣ በጀታችሁን ማወቅ ፈለጋችሁ። የትኛውን ትነካላችሁ?” ጥያቄው ውስጥ “ጉዞ” ወይም “ዋጋ” እንዳልገባ ልብ በይ፤ ማውጫው ላይ ያለውን ቃል ከነገርሻቸው ቃሉን ፈልገው ነው የሚነኩት። ጣታቸውን እዪና ዝም በይ። ከአምስቱ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ካመነቱ ቃሉን ቀይሪና ሌላ አምስት ሰው ፈልጊ። ቡና እየጠጡ የሚያልቅ ሥራ ነው።

“አሁን በትንሹ ጀምሬ ኋላ ገጽ ብጨምር ችግር አለው?”

መጨመር ምንም የለውም። ችግሩ ያለውን ገጽ አድራሻ መቀየር ላይ ነው። ሰው በቴሌግራም የላከው፣ ጉግል የመዘገበው አሮጌው አድራሻ ነው፤ ከቀየርከው “ገጹ አልተገኘም” ይላቸዋል። የግድ ከሆነ ሠሪውን “ከአሮጌው ወደ አዲሱ 301 አድርግልኝ” በለው፤ ያኔ አሮጌውን የነካ ሰው ሳያውቀው አዲሱ ላይ ያርፋል። ለዚህም ስትል አድራሻ ውስጥ ዓመት ወይም ዋጋ አታስገባ። `/zege-2017` ብለህ ጀምረህ መስከረም ሲጠባ ምን ልታደርገው ነው? `/zege` በለውና ተወው።